አንድ ቀን ለአንድ ዓመት፦ የጃንሆይ ልደት፣ የጨረቃ ዑደትና የአንዲት ቀን ስህተት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እዚህ ሆሳዕና ያስተማርኩት፣ አሁን ውጭ አገር የሚሠራ አንድ ልጅ ሰሞኑን ጥያቄ ላከልኝ። አንድ ኮከብ ቆጣሪ «ጨረቃህ በመጨረሻው ሩብ ላይ ናት፤ እስከምትታደስ ድረስ አዲስ ነገር አትጀምር» ብሎታል። የምትታደሰው ደግሞ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው አሉ! «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ? እውነት አለው?» ይላል። ሰባት ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው በሰባት ዓመት ያገባል፣ ይማራል፣ አገሩ ይመለሳል። ስለዚህ «ተወው» ብሎ ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየኝም። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ በታሪክ መንገድ ልመልስ፤ አንድ ሁላችንም የምናውቀውን ሰው ወስጄ ስሌቱን እስከ መጨረሻው እሠራዋለሁ።

መጀመሪያ ዘዴው ምን እንደሆነ እንረዳ።

አገራችን የምታውቀው ኮከብ ቆጠራ በአብዛኛው የዐውደ ነገሥቱ ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ይደመራል፣ በአሥራ ሁለት ይገደፋል፣ ቀሪው ኮከቡን ይናገራል። የልደት ሰዓት አይጠይቅም። ኮከቡም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ከዕድሜ ጋር አይራመድም።

ልጁ የተነገረው ግን ከአውሮፓ የመጣ ሌላ ዘዴ ነው፤ ሴከንደሪ ፕሮግሬሽን ይባላል። ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ከተወለድክ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀን የሕይወትህን አንድ ዓመት ይወክላል። በተወለድክ በሠላሳኛው ቀን ሰማዩ ምን ይመስል እንደነበር ታያለህ፤ እሱ የሠላሳ ዓመት ዕድሜህ ሥዕል ነው ይባላል። ማለትም የሰው ሙሉ ዕድሜ ከልደቱ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ገደማ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ቀን ለዓመት» የሚለው አነጋገር ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ ዘኍልቍ 14፥34 እና ሕዝቅኤል 4፥6 ላይ አለ። ነገር ግን እዚያ የተነገረው ስለ ቅጣትና ስለ ምልክት እንጂ ስለ ሰው ኮከብ አይደለም። ኮከብ ቆጣሪዎች ኋላ ለማስረጃ ጠቀሱት እንጂ ዘዴው ከዚያ አልወጣም። በአውሮፓ መልክ የሰጠው በ1600ዎቹ (ሁሉም በእነሱ አቆጣጠር ነው) የኖረው ጣሊያናዊው መነኩሴና የሒሳብ መምህር ፕላሲደስ ነው። እሱ የፈለገው ግን የውስጥ ዕድገትን መከታተል ሳይሆን ድርጊት መተንበይ ነበር፤ በሽታ፣ ሹመት፣ ሞት።

ታዲያ «የውስጥ ዕድገት» የሚለው መቼ ገባ? እዚህ ጋ ታሪኩ ደስ ይላል። በእንግሊዝ አገር አለን ሊዮ የሚባል ታዋቂ ኮከብ ቆጣሪ ነበር። በ1914 በጥንቆላ ሕግ ተከሶ ክሱ ውድቅ ሆነለት፤ በ1917 እንደገና ተከሶ ተፈረደበትና የገንዘብ ቅጣት ከፈለ። የመከላከያው ነገር «እኔ የምናገረው የሰውን ባሕርይና ዝንባሌ እንጂ የወደፊት ድርጊትን አይደለም» የሚል ነበር። ሊዮ ይህን ከልቡም ያምንበት ነበር፤ ግን ልብ በሉ፣ ስለ ባሕርይ ማውራት በፍርድ ቤትም ይጠቅም ነበር። ድርጊት ተናግረህ ካልሆነ ውሸታም ትባላለህ፤ ባሕርይ ተናግረህ ግን ማን ይይዝሃል?

ከዚያ ፓሪስ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የሙዚቃ ደራሲ ዴን ሩድያር መጣ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በጻፋቸው ሥራዎች ጨረቃን ማዕከል አደረጋት። የጨረቃን ዑደት ለብቻው ያብራራበት መጽሐፉ በ1967 ወጣ። ልጁ የተነገረው ነገር ምንጩ እዚህ ነው።

የሩድያር ሐሳብ እንዲህ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ተገናኝታ፣ ሞልታ፣ ጎድላ እንደገና እስክትገናኝ 29 ቀን ተኩል ይፈጅባታል። ቀኑን በዓመት ስትለውጡት 29 ዓመት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ሰው በዕድሜው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንዲህ ያለ ዑደት ያልፋል። ሩድያር በስምንት ክፍል ነው የሚከፍለው፤ እኛ ግን ለዓይን የሚታዩትን አራቱን ብቻ እንያዝ፦

— ጨረቃ ስትወለድ፦ አዲስ ዘር፣ ገና ያልታወቀ ጅምር።
— ግማሽ ስትሆን (እየሞላች)፦ የተግባር ፈተና፤ አሮጌውን ጥሶ የራስን መገንባት።
— ስትሞላ፦ ነገሩ ወለል ብሎ መታየቱ፤ ወይ ፍሬ፣ ወይ መለያየት።
— ግማሽ ስትሆን (እየጎደለች)፦ የአመለካከት ፈተና፤ የተገነባው መፍረስ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ እስከ አዲስ ጨረቃ ያለው ጊዜ ማጠቃለያ ነው፣ መጀመሪያ አይደለም።

ልጁ «አትጀምር» የተባለው በዚህ በአራተኛው ነው።

አሁን ወደ ሥራ። ሰዉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የመረጥኳቸው ሕይወታቸው በቀን በቀኑ ስለተመዘገበ ነው፤ ደግሞ በልደታቸው አካባቢ ጨረቃ የምትሠራው ነገር ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ይመስላል።

በመጻሕፍት ሁሉ የሚገኘው የአውሮፓ ቀን ጁላይ 23 ቀን 1892 ነው። በጨረቃ ስሌት ቀመር ስሠራው፣ የዚያ ወር ጨረቃ የተወለደችው በዚያው ዕለት፣ በግሪንዊች ሰዓት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሐረርጌ ሲሆን ከእኩለ ሌሊት አልፎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናል። ማለትም ጃንሆይ በጁላይ 23 ከተወለዱ፣ አዲስ ጨረቃ የመጣችው ከተወለዱ ከ2 እስከ 26 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የልደት ሰዓታቸውን እንደ እርግጠኛ ነገር ስለማልወስደው ሙሉውን ቀን ክፍት ትቼዋለሁ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ያዙልኝ። አንድ ቀን አንድ ዓመት ከሆነ፣ ሁለት ሰዓት አንድ ወር ነው። የልደት ሰዓት ካልታወቀ መልሱ ሁሉ የአንድ ዓመት ስፋት ያለው መስኮት ይሆናል እንጂ ቀን አይሆንም።

በዚህ መስኮት እንቁጠር።

ሁለተኛው ዑደት ላይ ጨረቃ እየሞላች ግማሽ የሆነችው ኦገስት 30 ቀን 1892 ነው። ከልደት 38 ቀን ገደማ፤ ሰዓቱን ስናስገባ ከ37 ዓመት ከ8 ወር እስከ 38 ዓመት ከ8 ወር። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 1922 ገደማ እስከ መጋቢት 1923 ገደማ ነው። «የተግባር ፈተና፣ አሮጌውን ጥሶ የራስን መገንባት» ተብሎ የለ? በዚህ መስኮት ውስጥ መጋቢት 1922 ራስ ጉግሳ ወሌ በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ በቀናት ውስጥ፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ። ዙፋኑ ባዶ ሆነ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ደግሞ የዘውድ በዓሉ ራሱ። ገጠመ!

እንቀጥል። በሦስተኛው ዑደት ጨረቃ እየጎደለች ግማሽ የሆነችው ኦክቶበር 13 ቀን 1892 ነው። ከጁላይ 23 ቁጠሩት፤ 82 ቀን። መስኮቱ ከሐምሌ 1965 እስከ ሐምሌ 1966 አካባቢ ነው። «የተገነባው መፍረስ ይጀምራል።» አብዮቱ የፈነዳው የካቲት 1966 ነው። እኔ ራሴ ይህን ቆጥሬ ስጨርስ ወረቀቱን ትንሽ ፈዝዤ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ያስደነግጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል፤ «በቃ፣ ዘዴው ይሠራል» ብሎ ይሄዳል። የታሪክ ሰው ግን ምንጩን ይመረምራል። ጃንሆይ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው የጻፉት የልደት ቀን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው። ምንጩ የኢትዮጵያ ቀን ነው። ጁላይ 23 የተባለው ኋላ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ነው። ትክክል ተመልሷል ወይ?

ክፍል ውስጥ ስለ ዓድዋ ስናወራ የነገርኳችሁን አስታውሱ። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ነበር፤ በአውሮፓ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ ግን የካቲት 23 ስናከብር በአውሮፓ ማርች 2 ነው። አንዷ ቀን ከየት መጣች? ምክንያቱ ይህ ነው፦ የአውሮፓው ካላንደር በ1900 ሊኖረው ይገባ የነበረውን ፌብሯሪ 29 ዘለለው፤ የእኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጉን አላቋረጠም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ከ1900 በፊት ያለን ቀን በዛሬው ልዩነት ከለወጣችሁት አንድ ቀን ትስታላችሁ።

ሐምሌ 16 ዛሬ ጁላይ 23 ነው። በ1892 ግን ጁላይ 22 ነበር! ማረጋገጥ የሚፈልግ በባሕረ ሐሳብ ይሞክረው። 5500 ላይ 1884 ሲደመር 7384፤ የእሱ ሩብ 1846፤ ድምሩ 9230፤ በ7 ሲገደፍ 4 ይቀራል፤ መስከረም 1 ቀን 1884 ዓርብ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ሐምሌ 16 ያለው 315 ቀን ልክ 45 ሳምንት ስለሆነ፣ ሐምሌ 16ም ዓርብ ይሆናል። በአውሮፓ ካላንደር ጁላይ 22 ቀን 1892 ዓርብ፣ ጁላይ 23 ቅዳሜ ነው። የጃንሆይ ጽሑፍ ሐምሌ 16 ካለ፣ የአውሮፓው ቀን ጁላይ 22 ነው።

ለታሪክ አንድ ቀን ምንም አይደለችም። ለዚህ ዘዴ ግን አንድ ቀን አንድ ሙሉ ዓመት ናት። ስለዚህ ሁሉንም መስኮት በአንድ ዓመት ወደ ፊት እንግፋው። ያ ያስደነቀን ሁሉ መፍረስ አለበት፣ አይደል?

እስቲ እንይ። የመጀመሪያው መስኮት አሁን ከመጋቢት 1923 እስከ መጋቢት 1924 ሆነ። የዘውዲቱ ሞትም የዘውድ በዓሉም ወጡ።   ሁለተኛው መስኮት ግን ከሐምሌ 1966 እስከ ሐምሌ 1967 ሆነ። የአብዮቱ መፈንዳት ወጣ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ገባ፣ ከዙፋን የወረዱበት ቀን። ከጁላይ 22 እስከ ኦክቶበር 13 ደግሞ 83 ቀን ነው፤ ያረፉትም በ83 ዓመታቸው ነው።

አያችሁ ነገሩን? በአንዱ ቀን «ዘዴው ሠራ»፤ ያ ቀን ተሳስቷል ብለን በሌላ ስንተካው አሁንም «ሠራ»። ሁለቱ ቀኖች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሰው ሁለት ጊዜ አይወለድም። ስለዚህ ግጥሙን የሠራው ሰማዩ ሳይሆን የሕይወታቸው ብዛት ነው። የንጉሥ ሕይወት ድርጊት አያልቅበትም፤ መስኮቱን የትም ብታስቀምጡት አንድ ትልቅ ነገር ይገባበታል። «የተግባር ፈተና» የሚለውም ቃል ሰፊ ስለሆነ የዘውዲቱን ሞትም የራሳቸውን ዘውድም ይሸከማል።

ሒሳቡን ቀለል አድርገን እንየው። በ29 ዓመት ተኩል ውስጥ አራት ምልክቶች አሉ። እያንዳንዱ የአንድ ዓመት መስኮት ካለው፣ አራት ዓመት ተሸፈነ። ኮከብ ቆጣሪው «ከአንድ ዓመት በፊትና በኋላም ይሰማል» ካለ ግን አራቱ ምልክቶች አሥራ ሁለት ዓመት ይሸፍናሉ። ማለትም ዝም ብላችሁ ከሕይወታችሁ አንድ ድርጊት ብታነሱ፣ ከአሥር አራት ጊዜ ያህል ይገጥማል። ስምንቱንም ክፍል ከተጠቀመ ደግሞ ከአሥር ስምንት ጊዜ ያህል ይገጥማል።

የማይገጥመውንስ? ማንም አይቆጥረውም፤ እኛ ግን እንቁጠረው። ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ የሆኑት መስከረም 17 ቀን 1909 ነው፣ በ24 ዓመታቸው። የሕይወታቸው ትልቁ ጅምር ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ወጣ። ጨረቃቸው ግን በሁለቱም የልደት ቀኖች ቢሆን እየጎደለች ግማሿ አካባቢ ወይም ከዚያ አልፋ ነበር። ልክ የኔ ተማሪ «አትጀምር» የተባለበት ቦታ ላይ! ያኔ አንድ ሰው መክሯቸው ቢሰሙት ኖሮ የኢትዮጵያ ታሪክ ሌላ ነበር። የማይጨው ሽንፈትና የ1928ቱ ስደት ደግሞ የደረሱት ጨረቃዋ ወደ ሙላት እየተቃረበች ሳለ ነው፤ በሩድያር አገላለጽ ነገር የሚበስልበት ጊዜ።

አሁን ደግሞ ለዘዴው ፍትሐዊ እንሁን። ሩድያር ቢሰማኝ «እኔ ስለ ሹመትና ሽረት መች ተናገርኩ? የተናገርኩት ስለ ውስጥ ነው» ይለኛል። እሺ። ሙሉ ጨረቃቸውን እንይ፤ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1892። መስኮቱ ከሐምሌ 1929 እስከ ሐምሌ 1930፣ በሌላኛው ቀን ደግሞ እስከ ሐምሌ 1931። ጃንሆይ በዚህ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ናቸው። በውጭ ሲታይ የሕይወታቸው ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ፍሬ የለም። ግን በ1929 እዚያው ባዝ ሆነው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን የሕይወት ታሪካቸውን አዘጋጁ። ሰው ቆም ብሎ ያለፈውን ወለል አድርጎ ሲያይ፤ ሙሉ ጨረቃ ማለት ይኸው አይደል?

ያምራል፤ እኔም ያምረኛል። ነገር ግን ምን እንዳደረግን ተመልከቱ። ድርጊት ሲገጥም በድርጊት ቆጠርን፤ ድርጊት ሳይገጥም ወደ ውስጥ ዞርን። ፍሬ ካለ ፍሬ፣ ከሌለ መለያየት። በሁለቱም በኩል የሚያሸንፍ መዝገብ ምንም አይመሰክርም። አለን ሊዮ በፍርድ ቤት የቆመበት ቦታ ይኸው ነበር።

«የውስጥ ዕድገት» በእውነት ሊፈተን የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ሰውየው ስለ ጨረቃው ምንም ሳያውቅ ለዓመታት የጻፈው ማስታወሻ ካለ፣ ስሌቱን የማያውቅ ሌላ ሰው አንብቦ «እዚህ ጋ ተለወጠ» ብሎ ምልክት ካደረገ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀኖቹ ከጨረቃዋ ጋር ከተነጻጸሩ። ስሌቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን የሚጽፈውም የሚያስታውሰውም በዚያው መነጽር ይሆናል።

ለእኛ አገር ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ አንጋጫ፤ የትኛውም ትምህርት ቤት መዝገብ ብትከፍቱ ልደታቸው መስከረም 1 የሆነ ተማሪዎች ታገኛላችሁ። ሁሉም ዕንቁጣጣሽ ዕለት ተወልደው አይደለም፤ ቀኑ ስላልታወቀ ነው። እናት የምታስታውሰው «እንሰት ስንፍቅ»፣ «የመስቀል ሰሞን» ነው። ያ ልጅ አድጎ ፓስፖርት ሲያወጣ ግምቱ ወደ አውሮፓ ቀን ተለውጦ ይታተማል፤ አሁን እርግጠኛ ቀን ይመስላል። ሰሞን ማለት ስንት ቀን ነው? አሥር ቀን ብትስት፣ ጨረቃህ አሥር ዓመት ተሳስታለች ማለት ነው። የዑደቱ ሲሶ!

ሰዓቱን የሚያውቅም ቢሆን ይጠንቀቅ። እናቱ «ጠዋት 3 ሰዓት» ያለችውን ኮምፒውተሩ ላይ 3:00 ብሎ ከሞላ፣ ማሽኑ የሚያነበው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ስህተት፣ ማለትም ሦስት ወር።

ስለዚህ እንዲህ የተነገረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጨረቃ አይደለም። «የልደት ቀኔን ማን መዘገበው? መቼ? ከምን ላይ?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ መልስ ከሌለው፣ ሰባት ዓመት የተባለው ሁለትም አሥራ ሰባትም ሊሆን ይችላል። መልስ ካለውም፣ አልጋ ወራሽነት በጎደለች ጨረቃ እንደተጀመረ ያስታውስ።

የሩድያርን ዑደት ግን ለአንድ ነገር እወደዋለሁ። ሰው ዕድሜውን በሠላሳ ሠላሳ ዓመት ከፍሎ «ምን ጀመርኩ፣ ምን ገነባሁ፣ ምን ማፍረስ አለብኝ» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጋል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ለመጠየቅ ግን የጨረቃ ፈቃድ አያስፈልግም።

ከ1900 በፊት የተወለዱ የአያት ቅድመ አያቶቻችሁን ቀን በጽሑፍ ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ኮመንት ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቀምጡልኝ፤ የአውሮፓውን ቀንና ዕለቱን አብረን እናወጣለን። አንዷን ቀን ማን እንደሳታት እናያለን።